አምስት እጅ የጻፈው አንድ ሪፖርት

የቡድናችንን የምርምር ሪፖርት እንዳዋሕድ የተመረጥኩት አማርኛ ስለማስተምር ብቻ ነው። ስብሰባው ሊበተን ሲል የሒሳብ መምህሩ «አንቺ የአማርኛ አስተማሪ ነሽ፤ መጨረሻ ላይ አንቺ ትገጣጥሚዋለሽ» አለ። ሌሎቹም ኮታቸውን እየቆለፉ ተስማሙ። «ትገጣጥሚዋለሽ» የምትለዋን ቃል ያን ጊዜ ልብ አላልኳትም። አምስት ሰው ጽፎ የሚያመጣውን ወረቀት ተራ በተራ አስቀምጦ የገጽ ቁጥር መስጠት የአንድ ምሽት ሥራ መስሎኝ ነበር። ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ፤ ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋርም ለአንድ ሳምንት አኮራረፈኝ። በየዓመቱ በቡድን ተግባራዊ ምርምር የሚሠሩ መምህራን ብዙ ስለሆኑ፣ የት የት ላይ እንደተሳሳትኩና በኋላ እንዴት እንዳስተካከልነው ልጻፈው።

ትምህርት ቤታችን ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ በባሶና ወራና ወረዳ ይገኛል። ያጠናነው ነገር በአካባቢው ለሚያስተምር ሁሉ የታወቀ ነው። ኅዳር ሲገባ ገብሱ ይታጨዳል፣ አውድማው ይለቀለቃል፣ ትልልቆቹ ልጆች አጨዳና ውቂያ ላይ ሲሆኑ ትንንሾቹ በግ ይጠብቃሉ፤ ክፍሉ ይሳሳል። እኛ የ7ኛ ክፍልን አንድ ምድብ መርጠን፣ ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ታኅሣሥ 10 አካባቢ ባሉት አሥር ሳምንታት ማን ስንት ቀን እንደቀረና ለምን እንደቀረ ማወቅ ፈለግን። ሥራውን ያከፋፈልነው በምዕራፍ ነው። እኔ መግቢያውን፣ የእንግሊዝኛ መምህርቷ የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝቱን፣ የሳይንስ መምህሩ የጥናቱን ዘዴ፣ የሒሳብ መምህሩ የመረጃ ትንተናውን፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው አንጋፋው የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህር ደግሞ ማጠቃለያውንና የመፍትሔ ሐሳቡን ያዙ። አምስት ምዕራፍ፣ አምስት ሰው። ከዚህ የበለጠ ፍትሐዊ ክፍፍል ያለ አልመሰለንም።

ክፍሎቹ በቴሌግራምና በፍላሽ ሲደርሱኝ መጀመሪያ የከፈትኩት የሳይንስ መምህሩን ነበር፤ የሚነበብ ፊደል ግን አልነበረበትም። ገጹ ሙሉ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ዝብርቅርቅ ነው። እርሱ የተየበው በአሮጌ የግዕዝ መጻፊያ ነበር። እነዚህ አሮጌ ፎንቶች የእኛን ፊደል በላቲን ፊደል ኮድ ላይ ደርበው ስለሚያሳዩ፣ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሥራቸው ይገለጣል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ፎንቱን ቢጭኑት ይነበባል። ነገር ግን በዩኒኮድ ከተጻፈው ከሌላው ክፍል ጋር ሲቀላቀል በአንድ ፎንት አይሄድም፣ ፍለጋም ቃሉን አያገኘውም። ጽሑፉ ሁለት ገጽ ብቻ ስለነበር እንደገና ተየብኩት። ረጅም ቢሆን ኖሮ የመቀየሪያ ፕሮግራም ፈልጌ ውጤቱን ከወረቀቱ ጋር ቃል በቃል አመሳክር ነበር። አሁን ሥራ ስንጀምር ሁሉም ሰው አንድ መስመር ተይቦ ለሌሎቹ ይልካል፤ በሁሉም ስልክና ኮምፒውተር ላይ ከተነበበ እንቀጥላለን። ሁለት ደቂቃ አይወስድም።

ጋሼ ግን ፋይል አልላኩም። ማጠቃለያቸውን በመስመር ወረቀት ላይ፣ በዚያ ቀጥ ባለ የድሮ አስተማሪ ጽሕፈታቸው ጽፈው ሰጡኝ። ስለዚህ ነገር በኋላ እመለሳለሁ።

የመጀመሪያው ሌሊት ሙሉ በሙሉ ባከነ። የአማርኛ አስተማሪ ነኝና ዓይኔ ቀድሞ ያረፈው በፊደላቱ ላይ ነው። አንዱ «ዓመት» ሌላው «አመት» ይላል፤ አንዱ «ሥራ» ሌላዋ «ስራ»። አንዷ አራት ነጥቡን በአንድ ምልክት ትጽፈዋለች፣ ሌላው ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ እየመታ ይሠራዋል። እነዚህን እያረምኩ ሌሊቱ ሄደ። በማግስቱ ይዘቱን ማንበብ ስጀምር ካረምኳቸው ገጾች ግማሽ ያህሉ መውጣት እንዳለባቸው ገባኝ። ሊጣል ያለ ቤት ቀለም ስቀባ አድሬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፊደልን የማየው መጨረሻ ላይ ነው፤ የምጀምረው ከቁጥር ነው።

ቁጥሩን ስጀምር ነው ጉዱ የወጣው። እኔ በመግቢያው ላይ «በምድቡ 51 ተማሪዎች ይገኛሉ» ብያለሁ። የሒሳብ መምህሩ በትንተናው ውስጥ 48 ይላል። ጋሼ በማጠቃለያቸው «ከተማሪዎቹ 60 በመቶው ከትምህርት ገበታቸው ይቀራሉ» ብለው ጽፈዋል። የሒሳብ መምህሩ ሠንጠረዥ ግን የመቅረት መጠኑን 12 በመቶ ያደርገዋል። አንዳችን ዋሽተናል ማለት ነው ብዬ ደብተሬን ይዤ ወደ ሒሳብ መምህሩ ሄድኩ።

ማንም አልዋሸም። የስም መጥሪያውን መዝገብ ዘርግቶ ቆጠረልኝ። በመስከረም የተመዘገቡት 51 ነበሩ። ከእነዚህ ሦስቱ ከጥቅምት በፊት ትምህርታቸውን ጨርሶ አቋርጠዋል። በጥናቱ አሥር ሳምንታት ስማቸው ሲጠራ የነበረው 48 ነው። አሥር ሳምንት 50 የትምህርት ቀን ነው፤ 48 ተማሪ በ50 ቀን ሲባዛ 2400 የመገኛ ቀን ይሆናል። ከዚህ ውስጥ የቀሩበት 288 ነው፤ ይህም 12 በመቶ ነው። 60 በመቶ የተባለው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ቢያንስ አንድ ቀን የቀሩት ተማሪዎች 29 ናቸው፤ 29 ከ48 ሲሰላ 60 በመቶ ገደማ ይመጣል። ጋሼ ይህን ቁጥር የሰሙት በሻይ ሰዓት ነው። የሒሳብ መምህሩ «ሃያ ዘጠኙ ቀርተዋል፣ ስድሳ በመቶ ማለት ነው» ሲል ሰምተው ልክ እንደሰሙት ጻፉት። በወረቀቱ ላይ ግን አንባቢ የሚረዳው በየቀኑ ከክፍሉ ከግማሽ በላይ ባዶ እንደሚሆን ነው። ሁለቱም ቁጥር ትክክል ሆኖ ሳለ አንድ ሪፖርት ውስጥ ሲገናኙ ሪፖርቱን ውሸታም ያደርጉታል።

ስለዚህ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ የቁጥር መዝገብ አዘጋጀን። እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋል፤ ከጎኑ ምን እንደሚለካ በሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ከየት እንደመጣና ማን እንደቆጠረው ይቀመጣል። «12 በመቶ፤ ከ2400 የመገኛ ቀን ውስጥ ተማሪ ያልተገኘበት ድርሻ» እና «29 ተማሪዎች፤ በአሥሩ ሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን የቀሩ» ለየብቻ ሆኑ። ሪፖርቱ ውስጥ የሚገባ ማንኛውም ቁጥር ከዚህ ወረቀት ካልተቀዳ አይገባም። ይህን ስንሠራ ያላሰብነው ጥቅምም አገኘን። የሒሳብ መምህሩ 288ቱን በሳምንት ሲከፍለው በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት የተመዘገበው 48 ብቻ ነበር፤ የቀረው 240 በአጨዳውና በውቂያው ስድስት ሳምንታት ላይ ወድቋል። በመቶኛ ሲሰላ ከ5 ወደ 17 ገደማ መዝለሉ ነው። የጥናታችን ዋና ግኝት እርሱ ሆኖ ሳለ በማናችንም ምዕራፍ ውስጥ አልነበረም፤ የወጣው ክፍሎቹ ሲጋጩ ነው።

ከቁጥር ቀጥሎ ቃል መጣ። አምስታችን ስለ አንድ ነገር በአራት ስም እናወራ ነበር፤ «መቅረት»፣ «ማርፈድ»፣ «መጠነ መቅረት» እና «ማቋረጥ»። እኔ እዚህ ላይ ከባድ ስህተት ሠራሁ። ቋንቋውን አንድ አደርጋለሁ ብዬ «ማቋረጥ» የሚለውን ሁሉ ወደ «መቅረት» ለወጥኩት። ጋሼ የታረመውን ሲያነቡ መነጽራቸውን አውልቀው «ልጄ፣ እነዚያ ሦስቱ እኮ አልቀሩም፤ ሄደዋል። አንደኛዋ አዲስ አበባ ሰው ቤት ገብታለች። ከቀረ ተማሪ ጋር እንዴት አንድ ታደርጊያቸዋለሽ?» አሉኝ። ልክ ነበሩ። የቀረ ተማሪ ገብሱ ሲገባ ይመለሳል፤ ያቋረጠ አይመለስም፤ መፍትሔያቸውም አይገናኝም። ከዚያ በኋላ ሁለት ቃል አንድ ከማድረጌ በፊት የጻፈውን ሰው «እነዚህ አንድ ናቸው ወይስ ሁለት?» ብዬ መጠየቅ ልማድ አደረግኩ። አንድ ከሆኑ አንዱ ስም ይቀራል። ሁለት ከሆኑ ልዩነታቸው መግቢያው ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል።

የዓመተ ምሕረቱም ነገር ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው። የእንግሊዝኛ መምህርቷ ከባሕር ማዶ ጽሑፎች የጠቀሰቻቸውን ዓመታት እንዳሉ አስገብታቸዋለች። በ2016 ዓ.ም. በተጻፈ ሪፖርት ውስጥ «በ2019 የታተመ ጥናት» የሚል ሲነበብ ጥናቱ ገና ሳይወለድ የተጠቀሰ ይመስላል። ወደ እኛ አቆጣጠር ልለውጠው ብዬ ነበር፤ ግን ወሩ ካልታወቀ ልዩነቱ ሰባት ይሁን ስምንት አይታወቅም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ሰባት ነው፤ ከፈረንጆች አዲስ ዓመት በኋላ ስምንት ይሆናል። ስለዚህ የውጭውን ዓመት እንዳለ ትተን «እ.ኤ.አ.» ጨመርንበት፤ የራሳችንን ሁሉ በ«ዓ.ም.» ጻፍን።

አሁን ወደ ድምፅ ልምጣ። ብዙ ሰው አንድ ወጥ ድምፅ ሲባል የሚያማምር ቃል መምረጥ ይመስለዋል። በአማርኛ ግን ድምፅ የሚቀመጠው በግሱ ጭራ ላይ ነው። ማን እንደሚናገር የሚታወቀው እዚያ ነው። የሳይንስ መምህሩ «ከወላጆች ጋር ቃለ መጠይቅ ተደርጓል። ለዚህም 16 ወላጆች ተመርጠዋል» ብሎ ጽፏል፤ ማን እንዳደረገ አይታወቅም። የሒሳብ መምህሩ «አጥኚው መዝገቡን መርምሯል» ይላል፤ አምስት ሆነን ሳለ አንድ ሰው ሆነናል። ጋሼ ደግሞ «ቤት ለቤት ዞሬ ጠየቅኩ፤ አንዱ አባት፣ ያልታሰበ ዝናብ ሳይመጣ ገብሴን ላንሳ ወይስ ልጁን ልስደድ፣ አለኝ» ብለዋል። ይህን በኮምፒውተሩ ፈልጎ መተኪያ ማስተካከል አይቻልም። «አጥኚው» የሚለውን «እኛ» ብትለው ግሱ «መርምሯል» እንደሆነ ይቀራል። ዓረፍተ ነገሩን ከነግሱ መልሶ መጻፍ ብቻ ነው ያለው።

አንድ ላይ ተቀምጠን ሁለት ነገር ወሰንን። የሠራነው ሁሉ በ«እኛ» እና ባለፈ ጊዜ ይነገራል። ያነጋገርናቸው ወላጆች ደግሞ በሙሉ በአንቱታ ይጠራሉ። ሁለተኛው ትንሽ ይመስላል፤ ግን የሳይንስ መምህሩ ወላጆቹን «አሉ» ሲል፣ ሌሎቻችን አንዳንዴ «አለ» አንዳንዴ «አሉ» እንል ነበር፤ አንባቢ ያነጋገርናቸው ሰዎች በምዕራፉ መካከል ዕድሜያቸው የሚለዋወጥ ይመስለዋል። እነዚህ ውሳኔዎች ገብተው የሦስቱ ሰዎች ቁራጭ እንዲህ ሆነ፦

«በኅዳር ወር አራት ቅዳሜዎች፣ ከስምንት ቀን በላይ የቀሩ የ16 ተማሪዎችን ወላጆች ቤታቸው ድረስ ሄደን ጠየቅን። ምርጫችን ብዙ በቀሩት ላይ ብቻ ስለነበር መልሳቸው የክፍሉን ወላጆች ሁሉ አይወክልም። አንድ አባት “ያልታሰበ ዝናብ ሳይመጣ ገብሴን ላንሳ ወይስ ልጁን ልስደድ?” አሉን።»

መካከል ላይ ያለው ዓረፍተ ነገር ከማንም ክፍል አልመጣም። የሳይንስ መምህሩ 16ቱ እንዴት እንደተመረጡ አልጻፈም ነበር፤ ጋሼ ደግሞ በማጠቃለያው «የአካባቢው ወላጆች በሙሉ» ብለው ደምድመዋል። ዘዴውና ማጠቃለያው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው ድምዳሜው ከመረጃው እንደሚረዝም የታየው። ለዚህ ነው መጨረሻ ላይ የሚያዋሕደው ሰው ዘዴውንና ማጠቃለያውን አጠገብ ለአጠገብ ማንበብ አለበት የምለው። በሪፖርቱ ቅደም ተከተል ካነበበ መካከል ያሉት ገጾች ያስረሱታል።

የአባትየውን ቃል ግን አልነካነውም። አንዷ «ልጁን» የሚለውን «ተማሪውን» እናድርገው ብላ ነበር፤ ሪፖርቱ ውስጥ ሁሉ «ተማሪ» ስላልን። አባት ልጁን ተማሪ አይለውም። በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ የተናጋሪው ነው፤ ወጥነት እዚያ ደጃፍ ላይ ይቆማል። ይህን ሕግ የያዝነው እኔ ራሴ «ልጆች»ን ከነዝርዝሩ እንዲይዝልኝ «ልጆ»ን በ«ተማሪዎ» በአንድ ጊዜ ስተካ አንዲት እናት «ተማሪዎቼን ማን ያብላልኝ» ሲሉ ካየሁ በኋላ ነው። ኮምፒውተሩ «ልጆቼ»ን ከሥሩ ነቅሎ ነበር።

ጠቡ የመጣው በተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝቱ ላይ ነው። ከ20 ገጽ ውስጥ ዘጠኙ የእርሱ ነበር። ሲነበብ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው ስለ ከተማ ትምህርት ቤቶችና ስለ ሌሎች አገሮች የሚያወራ፣ ከእኛ ገብስና አውድማ ጋር የማይገናኝ ነበር። በሁለተኛው ሌሊት ብርዱ እያንዘፈዘፈኝ፣ መብራቱ አንዴ ጠፍቶ ከመጣ በኋላ፣ ሦስት ገጽ አድርጌ ቆረጥኩት። ሳልነግራት ለሁሉም ላክሁ። ጠዋት መምህራን ክፍል ስገባ የእንግሊዝኛ መምህርቷ ሰላምታዬን አልመለሰችም። «ስድስት ገጼን የጣልሽው ማን ፈቅዶልሽ ነው?» አለች ከሰዓት በኋላ። ትክክል ነበረች ማለት ይከብደኛል፤ ግን ነበረች። ቆረጣው አስፈላጊ ነበር፣ አሠራሩ ግን የሌባ ነበር።

አሁን የምናደርገው እንዲህ ነው። የሚያዋሕደው ሰው ለውጡን በ`Track Changes` ይሠራል፤ ለጸሐፊው ይመልስለታል፤ ጥያቄውም አንድ ብቻ ነው፦ «ትርጉሙ ተለውጧል?» «ወደድኸው?» ብለን አንጠይቅም። «ወደድኸው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው አይወድም፤ ሁሉም ራሱ የጻፈውን ይወዳልና። ከአምስት መስመር በላይ የሚወጣ ከሆነ ግን ፋይል አይላክም፤ ሰውየው ዘንድ ተሂዶ ምክንያቱ በቃል ይነገረዋል። የወጣውም አይጣልም፤ በሌላ ፋይል ይቀመጣል። ከእርሷ ስድስት ገጽ ውስጥ ሁለት አንቀጽ በኋላ መልሰን አስገብተናል፤ ስለ አዝመራ ወቅት የሚያወሩ ነበሩና።

ቁጣዋ ግን የቆረጥኩት ብቻ አልነበረም፤ ይህን የተረዳሁት ስንታረቅ ነው። «ዘጠኝ ገጽ ጽፌ ምንም እንዳልሠራሁ ትቆጥሩኛላችሁ» አለች። በሌላ በኩል የሳይንስ መምህሩ ሁለት ገጽ ብቻ ስለጻፈ አንድ ሁለት ሰው «ተጠቅልሎ የገባ» ይለው ነበር። ጋሼንም «አይተይቡም፣ ምን ሠሩ?» ያላቸው ነበር፤ ከኋላቸው ነው ታዲያ፣ ፊት ለፊት ማን ደፍሮ።

ስለዚህ በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ምዕራፉን ትተን የተሠራውን ሥራ ሁሉ ጻፍነው፤ መዝገብ መቁጠር፣ ቤት ለቤት መሄድ፣ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ማዋሐድ። ከየሥራው አጠገብ ያጠፋነውን ሰዓት በግምት አስቀመጥን። ጋሼና የሳይንስ መምህሩ አራት ቅዳሜ፣ በቀን አምስት ሰዓት ያህል፣ ከመንደር መንደር በእግራቸው ሄደዋል፤ ለእያንዳንዳቸው 20 ሰዓት ነው። ጽሑፉ ሲጨመር የጋሼ 24፣ የሳይንስ መምህሩ 23 ደረሰ። የሒሳብ መምህሩ ለቆጠራ 11፣ ለትንተና 8፣ በጠቅላላው 19 ሰዓት። እኔ ለመግቢያ 5፣ ለማዋሐድ 17፣ በጠቅላላው 22። ዘጠኝ ገጽ የጻፈችው መምህርት 6 ሰዓት። ሰሌዳው ላይ ሲወጣ እርሷ ራሷ ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ «እኔ ምን ላድርግ፣ የደረሰኝ ይሄ ነው» አለች፤ እርሱም እውነት ነው። ያልተካፈለው ሥራ በምዕራፎቹ መካከል የወደቀው ነበር፤ ማንም ለማንም አልሰጠውም፤ የተነሣ ሰው አነሣው።

ጋሼም እዚያ ሰሌዳ ላይ ነው የታዩት። በገጽ ሲቆጠር ሁለት ገጽ በእጅ ጽሑፍ ነበሩ። ነገር ግን 16ቱ ደጃፍ የተከፈተው በእርሳቸው ነው። ከወላጆቹ ግማሾቹን ራሳቸው አስተምረዋቸዋል፤ «የኔታ መጡ» ተብሎ ጠላ ሳይቀዳ ወሬ አይጀመርም ነበር ሲል የሳይንስ መምህሩ መሰከረ። እርሱ ብቻውን ቢሄድ ልጁ ለምን እንደቀረ ማን ይነግረዋል? «ታሟል» ይሉት ነበር።

ቀሪውን ሥራ በዚያ ሚዛን አከፋፈልን። የእንግሊዝኛ መምህርቷ የጋሼን ጽሑፍ ተየበች፤ የተዋሐደውን ሪፖርት ከቁጥር መዝገቡ ጋር እያመሳከረች አነበበች፤ ቤቷ ከተማ ስለሆነ ማሳተሙንና ማስጠረዙንም ያዘች። ስምንት ሰዓት ያህል ሆነላት። እኩል አልሆነም፤ እኩል ይሆናል ብዬም አልጠብቅም። ግን ሁለተኛ አንባቢ መሆኗ ከማንኛችንም ሥራ በላይ ጠቅሞናል፤ ያዋሐደ ሰው የራሱን ስህተት አያይም። በሪፖርቱ መጨረሻም «የሥራ ድርሻ» የሚል ግማሽ ገጽ አስገባን። «ጋሼ ማጠቃለያ ጻፉ» በማለት ፈንታ ማን ምን እንደሠራ በግስ ጻፍነው፤ ቆጠረ፣ አነጋገሩ፣ አነበበች፣ አዋሐደች።

መጨረሻ ላይ ፊደል። አሁን በሰዓቱ ነው። `Ctrl+H` ከፍቼ ላይኛው ሳጥን ውስጥ `፡፡` ታችኛው ውስጥ `።` አስገብቼ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ተካሁ፤ ከዚያ በላቲኑ ሁለት ነጥብ የተሠራውን `::` በተመሳሳይ መንገድ። ይህ አይጎዳም። ፊደልን ግን በዚህ መንገድ መንካት ክልክል ነው። «ሠ»ን በ«ሰ» ልተካ ያለ ሰው የሰው ስም ሳይቀር ያበላሻል። እኛ የምንጠቀምባቸውን ሃያ ያህል ቃላት ብቻ ዘርዝረን፣ ዓመት፣ ሥራ፣ ሐሳብ፣ ጽሑፍ እያልን፣ በየቃሉ ፈለግን። «ዓመት»ን ስትፈልግ «በአመቱ» አይመጣልህም፤ ስለዚህ የሚፈለገው ስህተቱ ነው፣ «አመት»፣ «አመቱ» እና «አመታ» ብሎ፣ ግራና ቀኙን ባዶ ሳይተዉ።

ከዚያ ጮክ ብለን አነበብነው። መምህራን ክፍል ውስጥ ከሰል አቀጣጥለን፣ እያንዳንዱ የራሱን ሳይሆን የሌላውን ምዕራፍ እያነበበ። የራሱን የሚያነብ ሰው ምላሱ ያውቀዋልና አይደናቀፍም። አንባቢው የተደናቀፈበት ቦታ ሁሉ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግን፤ ሃያ ሦስት ቦታ ሆነ። አብዛኛው የሁለት ሰው ዓረፍተ ነገር የተሰፋበት ስፌት ነበር። 20 የነበረው ገጽ 14 ሆኖ ወጣ።

ተጠርዞ በመጣ በማግስቱ ጋሼ አንዱን ቅጂ ገለጥ አድርገው የመጀመሪያውን ገጽ፣ አጠቃሎውን ማንበብ ጀመሩ። ያን ገጽ ያነበበው አልነበረም፤ ሁሉም ካለቀ በኋላ በችኮላ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የቁጥር መዝገቡንም አላየሁም። «51 ተማሪዎች» ይላል። ጋሼ ምንም አላሉም። ብዕራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው በዚያ ቀጥ ባለ ጽሕፈታቸው 51ን በአንዲት መስመር ሰርዘው ከላዩ 48 ብለው ጻፉ፤ ከዚያ «የቀሩትን አምጪ» አሉኝ፤ አራቱንም ቅጂ።